ዋጋ ጨመርን ለማለት

የተከበራችሁ የሽሮ ሜዳ ልብስ ሰፊዎች፣ ሸማኔዎች፣ ጥልፍ ሠሪዎችና የሱቅ ባለቤቶች፤

ያደግሁት ከስፌት መኪና ሥር ነው፤ እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። እንጀራዬ ግን የሂሳብ ሥራ ነው፤ በዚህ ሰፈር የአንዳንዶቻችሁን ደብተር እይዛለሁ። ዛሬ የተጠራሁት ስለ ግብር ላወራችሁ መስሏችሁ ከሆነ ተረጋጉ። የማወራው ስለ አንዲት አጭር መልእክት ነው፤ አንድ ልብስ ሰፊ ለዓመታት ሲያለብሳቸው ለኖሩት ደንበኞች «ዋጋ ጨምሬአለሁ» ብሎ ስለሚልካት መልእክት።

አምና ከዚሁ ሰፈር ለአንዲት ዘመዴ የመጣላትን ላንብብላችሁ። የላከውን ሰው ስም አልጠራም። «ውድና የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤ በወቅታዊው የዋጋ ንረት፣ በመብራት፣ በትራንስፖርትና በሌሎችም ምክንያቶች መጠነኛ የዋጋ ማስተካከያ ለማድረግ የተገደድን መሆኑን በትሕትና እየገለጽን ይቅርታ እንጠይቃለን።» ዘመዴ አነበበችውና «ስንት ገባ ማለት ነው?» አለችኝ። መልእክቱ ስንት እንደገባ አይናገርም። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነም አይናገርም። ከወር በፊት ቀብድ የከፈለችበት ቀሚስ ይጨመርበት አይጨመርበት የሚል ፍንጭ እንኳ የለውም። ይቅርታ ግን ጠይቋል። እሷ የፈለገችው ይቅርታ ሳይሆን ቁጥሩን ነበር።

እንዲህ ያለ መልእክት ከክፋት አይመጣም። የሚመጣው ሰፊው ራሱ ከቀሚሱ ላይ የትኛው ምን ያህል እንደጨመረ ቁጭ ብሎ ካለማስላቱ ነው። ስለዚህ መልእክቱን ከመጻፋችን በፊት አንድ ቀሚስ እንፍታ። የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ለስሌት የወሰድኳቸው ናቸው፤ እያንዳንዳችሁ በራሳችሁ ደብተር ተኩዋቸው።

አንድ ሙሉ የሐበሻ ቀሚስ፣ ነጠላውን ጨምሮ፣ 12,000 ብር ይሸጥ ነበር እንበል። ከዚህ ውስጥ 7,500 ብሩ ሸማውን ከነጥለቱ ለሠራው ሸማኔ ይሄዳል። ገበር፣ ዚፕና የስፌት ክር 900 ብር ይወስዳሉ። ለቀዳጁና ለሰፊው የእጅ ዋጋ 2,000 ብር፣ ለቤት ኪራይና ለመብራት የሚደርሰው ድርሻ 600 ብር ነው። የቀረው 1,000 ብር የባለቤቱ ነው። አሁን ሸማኔው «ከ9,900 በታች አልሠራም» አለ። ገበሩና ዚፑ 1,300 ገቡ፣ የእጅ ዋጋው 2,300 ሆነ፣ ኪራይና መብራቱ 700 ደረሰ። ባለቤቱ ለራሱ ምንም ሳይጨምር ያችኑ 1,000 ብር ይዞ ቢቀጥል ቀሚሱ 15,200 ብር ይሆናል።

ጭማሪው 3,200 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 2,400ው የሸማው ነው፤ ከአራት እጅ ሦስቱ ማለት ነው። መብራቱስ? ኪራዩና መብራቱ አንድ ላይ ያመጡት መቶ ብር ነው። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ መሆኑ እውነት ነው፤ ለአራት ዓመት እንዲዘልቅ የታቀደም ነው። ነገር ግን አንድ የስፌት መኪናና አንድ ካውያ ለአንድ ቀሚስ የሚበሉት ኃይል ከሸማው ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም። «መብራት ስለጨመረ» ብሎ 3,200 ብር የሚጨምር ሰው ደንበኛዋን እንደማታስብ ቆጥሯታል። እሷም ቤቷ የመብራት ቆጣሪ አላት።

ሸማው ለምን ጨመረ? ይህንን ከእኔ በላይ ሸማኔዎቻችን ያውቁታል። ከጋሞ ደጋ መጥተው በዚህ በእንጦጦ ግርጌ ጉድጓድ ቆፍረው፣ እግራቸውን ወደ ውስጥ ሰደው የሚሸምኑት አባቶችና ልጆቻቸው ክሩን የሚገዙት ከነጋዴ ነው። ለጥለቱ የሚገባው ባለቀለምና የሚያብረቀርቅ ክር አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው፤ ወርቀዘቦውም እንዲሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ጥቂት ሳምንታት ሳይሞላው ከ100 ብር አለፈ። አስመጪው በአዲሱ ምንዛሪ ያስገባው ክር ሸማኔው እጅ የደረሰው ግን በማግስቱ አይደለም። በፊት የገባው ክር እስኪያልቅ ጊዜ ወስዷል፤ ዋጋው የጨመረውም እያንዳንዱ ነጋዴ መጋዘኑን ባራገፈ ቁጥር በየተራ ነው። ደንበኛዋ «ዶላሩ የጨመረው ድሮ፣ አንተ የምትጨምረው ዛሬ፤ ለምን?» ብላ ብትጠይቅ መልሱ ይኸው ነው። ሸማኔውም ሰው ነው፤ ጤፍ ይገዛል፣ ቤት ይከራያል። የጨመረው 2,400 ብር ሁሉ የክር አይደለም፤ ከፊሉ የእጁ ነው። ይህን መደበቅ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱትን አንድ ነገር ላንሳ። ሁለት ዓይነት ደንበኛ አለን። አንደኛዋ ሁሉንም ለእኛ ትታ ያለቀ ቀሚስ ትወስዳለች። ሁለተኛዋ ከታች ካሉት ሱቆች ሸማውን ራሷ ተከራክራ ገዝታ፣ በፌስታል ይዛ መጥታ «ስፋልኝ» ትላለች። ለዚህችኛዋ ስፌቱ በፊት 4,500 ብር ነበር፤ ገበር፣ የእጅ ዋጋ፣ ኪራይና የባለቤቱ ድርሻ። አሁን በዚያው ስሌት 5,300 ይሆናል፤ ጭማሪው 800 ብር ነው። እሷን «ሸማ ተወዷል» ብሎ ከአንደኛዋ እኩል በመቶኛ መጨመር አይቻልም። የተወደደውን ሸማ የገዛችው እሷው ናት፤ አንድ ጊዜ ለነጋዴው ከፍላበታለች። ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት መልእክት የሚልክ ሰፊ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዷን መዋሸቱ አይቀርም።

አሁን ወደ ቀብድ ልምጣ፤ ጠብ የሚነሳው እዚህ ነው።

ለጥር ሠርግ በጥቅምት ቀብድ የተቀበላችሁ ትኖራላችሁ። ዋጋው 12,000፣ ቀብዱ 4,000 ብር እንበል። በኅዳር ሸማኔው ጨመረ። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ስልኩን ያነሳና «እህቴ፣ ነገሩ ተበላሽቷል፤ 3,200 መጨመር አለብሽ» ይላል። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1764 ላይ፣ ውሉ የሚፈጸምበት ሁኔታ ተለውጦ ግዴታው አስቀድሞ ከታሰበው በላይ ቢከብድ እንኳ ውሉ ጸንቶ እንደሚቆይ ይናገራል። ክር ተወደደ ማለት ውል ማፍረሻ ምክንያት አይደለም። በአንቀጽ 1885 ደግሞ፣ ተዋዋዮቹ ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለ ሰው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ደረሰኙ ላይ «ቀብድ» ብላችሁ ትጽፉ ወይም «ቅድሚያ ክፍያ» ብላችሁ ትጽፉ ልዩነት ሊያመጣ ስለሚችል፣ ስትጽፉ አስባችሁ ጻፉ።

እስቲ በብር እንየው። ቀሚሱን በድሮው ዋጋ ጨርሶ የሚያስረክብ ሰፊ፣ ወጪው አሁን 14,200 ስለሆነ፣ ከኪሱ 2,200 ብር ያጣል። ያማል። ውሉን ትቶ እጥፍ የሚመልስ ግን የተቀበለውን 4,000 ከመለሰ በኋላ ሌላ 4,000 ከራሱ ይጨምራል። ስለዚህ ቃልን መጠበቁ በሂሳብም ይረክሳል። ዋናው ነገር ግን ከሁለቱም አስቀድሞ ሊሠራ የሚችለው ነው። ቀብዱ እንደገባ፣ እዚያው ሳምንት፣ ላይኛው ኪስ ውስጥ ሳይሟሟ ለሸማኔው ተልኮ ሸማው በ7,500 ቢታሰር ኖሮስ? ያኔ ሌላው ወጪ ሁሉ ቢጨምርም ቀሚሱ 11,800 ይፈጃል፤ ባለቤቱ 200 ብር ያተርፋል እንጂ አይከስርም። በዚህ ሰፈር ሲጎዱ ካየኋቸው ሰፊዎች አብዛኞቹን የጎዳቸው የሸማው ዋጋ ብቻ አይደለም። ቀብዱን ለኪራይ ከፍለውት ሸማኔውን ያናገሩት ሠርጉ ሲቃረብ ነው።

ስለዚህ መልእክታችሁ ውስጥ አንድ ቀን መኖር አለበት፤ ከዚያ ቀን በፊት ቀብድ የከፈለ በድሮው፣ ከዚያ በኋላ ያለው በአዲሱ። ቀኑም በዘፈቀደ አይመረጥም። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ? ደንበኛዋ የምታስበው ጥምቀትንና የጥር ሠርግን ነው። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ለሚዜ፣ ለእናት፣ ለእኅት እያለ በጀቱን ከቆረጠ በኋላ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ጭማሪ የሚያረዳ ሰው ሰባት ቀሚስ በአንድ ጊዜ ሊያጣ ይችላል። በጥለት የተሞላ ሸማ ከሸማኔው እጅ ለመውጣት ሳምንታት እንደሚፈልግም ታውቃላችሁ። ለጥር የሚሆን መልእክት በኅዳር መጀመሪያ ካልወጣ ዘግይቷል። ሁለት ሦስት ሳምንት ቀን ስትሰጡ ደግሞ ገንዘብ ያላት በድሮው ዋጋ ትቀድማለች፤ እናንተም ከእሷ ቀብድ ሸማኔውን በድሮው ዋጋ ታስሩበታላችሁ፤ ሸማኔው እስከዚያ ድረስ እንደሚቆይላችሁ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁት። እሱን ሳትጠይቁ ለደንበኛ ቀን የሰጣችሁ እንደሆነ ልዩነቱን የምትከፍሉት እናንተው ናችሁ።

እንግዲህ መልእክቱን እንጻፈው። በቴሌግራም ብትልኩት የቦታ ችግር የለም። እትዬዎቻችን ግን ብዙዎቹ የሚያነቡት በተራው የስልክ መልእክት ነው። በእኛ ፊደል ሲጻፍ አንዱ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነው፤ ካለፈ እየተከፋፈለ ይሄዳል፣ ሂሳቡም በየክፍሉ ይቆረጣል። ያ የመጀመሪያው መልእክት «በሌሎችም ምክንያቶች» ጋ ሲደርስ አንዱን ክፍል ጨርሶት ነበር። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦

«እትዬ እገሊት፣ እንደምን ሰነበቱ? ሙሉ ቀሚስ ከኅዳር 21 ጀምሮ ከ12,000 ወደ 15,200 ብር ይገባል። በብዛት የጨመረው ሸማው ነው። እስከ ኅዳር 20 ቀብድ የከፈለ በድሮው ዋጋ ይወስዳል። የራስዎን ሸማ ካመጡ ስፌቱ 5,300 ነው። ጥለቱን ጠበብ ካደረግነው በ13,500 ይሠራል። ልክዎ ደብተሬ ላይ አለ።»

ስሟ ከፊት አለ፤ «ውድ ደንበኞቻችን» የሚለው የባንክ ማስታወቂያ ነው እንጂ ወገቧን በሜትር የለካ ሰው ለለካት ሴት የሚጽፈው አይደለም። አንቱ ለምትሏት አንቱ፣ ለእኩያችሁ አንቺ በሉ፤ አንዱን ገልብጣችሁ ለሁሉም ስትልኩ ለእናት የሚገባው አክብሮት ለልጅቱ፣ የልጅቱ አንቺታ ለእናት ይደርሳል፤ ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለቱም ዋጋ፣ የድሮውና የአዲሱ፣ ጎን ለጎን ተቀምጧል። አዲሱን ብቻ የጻፈ ሰው ደንበኛዋ ልዩነቱን ራሷ ቆጥራ ስትደርስበት የደበቃት ይመስላታል። ምክንያቱ አንድ ነው፣ እሱም ትልቁ። የቀረውን ከጠየቀች በስልክ ትነግሯታላችሁ። «ልክዎ ደብተሬ ላይ አለ» የሚለውን የጨመርኩት ለማሳመር አይደለም። ሌላ ሰፊ ጋ ብትሄድ እንደገና መለካት፣ እንደገና መሞከር፣ ትከሻው ላይ አንዴ ማስፈታት አለባት። ለቆየ ደንበኛ የምትሰጡት እውነተኛ ቅናሽ ይህ ድካም የሚቀርላት መሆኑ ነው።

ጠበብ ያለውን ጥለት ለምን አስገባሁት? የጨመረው በብዛት ጥለቱ ላይ ስለሆነ፣ ከታች ያለው ጥለት ሲጠብ የሸማኔው ቀንም ክሩም ይቀንሳል። ደንበኛዋ እያወቀች የመረጠችው ነው። ከዚህ ጋር መምታታት የሌለበት ሌላ ነገር አለ፤ ዋጋውን ሳይነኩ ዕቃውን መለወጥ። ጥጥ የነበረውን ማግ ዝም ብሎ በሰው ሠራሽ ክር መተካት፣ ወይም ጥለቱን ከቻይና በመጣ የታተመ ጨርቅ መቀየር። ይህ የማይታወቅ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። የተሸመነ ጥለት በግልባጩ ሲታይ ክሩ ሲሻገርና ሲቋጭ ይታያል፤ የታተመው በግልባጩ ደብዛዛ ቀለም ብቻ ነው። ክሩን ደግሞ ከጫፍ መዝዛ በክብሪት የምትሞክር እናት አለች። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ዐመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሹ ይቀልጥና ጠጣር ጥቁር ፍሬ ሆኖ ጣት ላይ ይቀራል። እንደዚያ የተያዘ ሰፊ ዋጋውን ቢቀንስ እንኳ ያቺን ሴት መልሶ አያገኛትም።

ውጭ አገር ስላሉት ደንበኞቻችን ጥቂት ልበል፤ ጥያቄው ብዙ ጊዜ ይመጣልና። አንድ ዶላር 57 ብር በነበረበት ጊዜ ያ 12,000 ብር ቀሚስ ለአሜሪካዋ እህታችን 210 ዶላር ገደማ ነበር። ዶላሩ 125 ብር ቢሆን አዲሱ 15,200 ብር ከ122 ዶላር አያልፍም። ለእሷ ቀሚሱ ረክሷል። «እንግዲያው ለእሷ ሌላ ዋጋ እንጥራ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ይገባኛል፤ እኔ ግን አልመክርም። ያቺ እህት ቀሚሱን የምታዝዘው ጉለሌ ባለችው እኅቷ በኩል ነው፤ ሁለቱም መልእክቶች አንድ ማዕድ ላይ ይነበባሉ። ማጓጓዣውን፣ የችኮላ ሥራውን፣ በቪዲዮ ልክ መውሰዱን ለብቻ ዋጋ አውጡለትና አስከፍሉ፤ ሥራ ነውና። የቀሚሱ ዋጋ ግን ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ይሁን። ዋጋን በግልጽ ማሳየት በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የነጋዴ ግዴታ መሆኑንም አትርሱ። ስልክ ላይ 15,200 ጽፋችሁ ግድግዳው ላይ አምና የለጠፋችሁት 12,000 ካለ፣ የምትከራከርበትን ማስረጃ የሰጣችኋት እናንተው ናችሁ። መልእክቱን የምትልኩበት ቀን ጠዋት ግድግዳውን ቀይሩ፤ ሁለቱንም ዋጋ ከነቀኑ።

መልእክቱ ከሄደ በኋላ ስልኩ ይጮኻል። «ለእኔም? ስንት ዓመት ያለበስከኝ ሰውዬ!» ትላችኋለች። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይፈርሳል። ለአንዷ በጆሮዋ 14,000 ይላል፣ ለሌላዋ 14,500። እነዚህ ሁለት ሴቶች እኮ የአንድ ማኅበር ጽዋ ይጠጣሉ! ክርክር የገበያችን ወግ ነው፤ አልከለከልኩም። የምትለቁት ነገር ካለ ግን ከብሩ ላይ ሳይሆን ከሥራው ላይ ልቀቁ። ያረጀ ነጠላዋን ጥለት ፈትታችሁ በአዲስ ጠርዝ ስፉላት፤ የልጇን ቀሚስ አስረዝሙላት። ይህ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ዋጋችሁን ግን አይነካም።

«ክር ሲረክስ ትቀንሳለህ ወይ?» የምትልም ትኖራለች። ለዚህ «እንጃ» አይባልም። በጭማሪው ውስጥ የሸማው ድርሻ 2,400 ብር መሆኑን ንገሯትና፣ ሸማኔው 9,000 ቢገባ 900 ብር ይቀነሳል በሏት፤ ደብተሩ ላይም ጻፉት። ሸማኔውስ የሚቀንስ ይመስላችኋል? ከፊት ረድፍ የሚስቁት አባት መልሱን ስለሚያውቁት መድረኩን ለእሳቸው ለቅቄያለሁ።